የመውጫ ወረቀቱ አናት ላይ ምን ይጻፍ?

በልብ ድካም ሆስፒታል ተኝተው የወጡ እናት በሳምንቱ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። ብዙ የመውጫ ማጠቃለያዎች የሚጀምሩት ከሕመሙ ታሪክ ነው፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ግን መጨረሻ ላይ ተደብቋል። አናቱ ላይ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«የልብ ድካም። ሲወጡ ክብደታቸው 58 ኪሎ። ፉሮሴማይድ በቀን ከ20 ወደ 40 ሚሊግራም ከፍ ብሏል፤ እግራቸው አብጦ ስለነበር። ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊግራም አዲስ ተጀምሯል። በሳምንቱ ፖታሺየምና ክሬቲኒን ይታዩ፤ ፖታሺየም ከ5.5 ካለፈ ስፓይሮኖላክቶኑ በግማሽ ይቀነስ፣ ከ6 ካለፈ ይቁም።»

አሁን ሚዛኑ 61 ካሳየ ሐኪሙ ውኃው ተመልሶ መጠራቀሙን ወዲያው ይጠረጥራል። የመውጫው ክብደት ባይጻፍ 61 ምንም አይነግረውም። «የቀድሞ መድኃኒቶች ይቀጥሉ» የሚለው ሐረግ ደግሞ አደገኛ ነው፤ የትኛው መድኃኒት፣ በምን መጠን? ጤና ጣቢያው ፖታሺየም የማይለካ ከሆነም ምርመራው የት እንደሚሠራና ውጤቱን ማን እንደሚያይ እዚያው ይጻፍ።