በመሸኛ ካርድ ላይ ምን ይጻፋል?

በእንግሊዝ መሥሪያ ቤቶች አንድ ባልደረባ ሥራ ለቆ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ሲል፣ እሱ ሳያይ ካርድ በፖስታ ውስጥ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል። ፊቱ ላይ ብዙ ጊዜ «ሶሪ ዩር ሊቪንግ» የሚል ታትሞበታል፤ መሄድህ አሳዘነን ለማለት ነው። ሁሉም እዚያው ላይ ስለሚጽፍ ለአንድ ሰው የምትደርሰው ሁለት ሦስት መስመር ናት።

የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። በእኛ ሽኝት ምርቃት ሲደራረብ ያምራል፤ መንገዱም፣ እንጀራውም፣ ጤናውም፣ መመለሱም ይመረቃል። ያንን በእንግሊዝኛ ለማስፈር «አይ ዊሽ ዩ» ብሎ ይጀምርና «ዊል ሰክሲድ» ሲያስከትል ሰዋስዉ ይፈርሳል። «ዊል»ን በ«ውድ» ቢተካው ደግሞ ይብሳል፤ «ምነው በተሳካልህ፣ ግን እንጃ» ዓይነት ይሆናል። ከ«አይ ዊሽ ዩ» በኋላ ስም ብቻ ይግባ፦ «አይ ዊሽ ዩ ኤቭሪ ሰክሰስ»። ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከተፈለገ መነሻው «አይ ሆፕ» ነው፦ «አይ ሆፕ ዩ ሴትል ኢን ኩዊክሊ»፣ ቶሎ እንደምትለምደው ተስፋ አለኝ።

«ጉድ ላክ» ብቻዋን ከቅርብ ወዳጅ ስትመጣ ትቀዘቅዛለች። «ጉድ ላክ ዊዝ ዘ ኒው ጆብ» ሲባል ግን ምኞቱ ማረፊያ ያገኛል። «ጉድ ላክ ዊዝ ዛት» ከማለት መጠንቀቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ «አይሳካልህም» የሚል ፌዝ ሆኖ ይሰማል።

ከለንደን ሆስፒታል ወደ ሜልበርን የምትሄድ ነርስ አለች እንበል። አብራት ሌሊት የምትሠራ ጓደኛዋ እንዲህ ብትጽፍላት ይበቃል፦ «ጉድ ላክ ኢን ሜልበርን። ናይትስ ዎንት ቢ ዘ ሴም ዊዝአውት ዩር ኮፊ። ሴንድ አስ አ ፎቶ ፍሮም ዩር ፈርስት ሺፍት።» መጀመሪያ የምትሄድበት ከተማ ተጠራ። ቀጥሎ ያለ እሷ ቡና ሌሊቱ እንደ ድሮው እንደማይሆን ተነገራት፤ ይህን ለሌላ ሰው መጻፍ አይቻልም። ከሁሉ የምወደው ግን መጨረሻውን ነው። «ኪፕ ኢን ታች» ለሁሉም ስለሚባል መልስ የሚጠብቅበት የለም፤ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን አንድ ፎቶ ላኪልን ሲባል ግን የምታደርገውን ታውቃለች።

የሚሄደው ሰው ውሉ አልቆበት ወይም ፈቃዱ ሳይታደስለት ቀርቶ ከሆነ፣ «ኮንግራጁሌሽንስ» ቁስል መንካት ነው፤ «ኦል ዘ ቤስት» ይሻላል። «ጋድ ብሌስ ዩ» ለሚያምን ወዳጅ ደስ ያሰኛል፤ እምነቱ ለማይታወቅ የሥራ ባልደረባ ግን በጋራ ካርድ ላይ ባይጻፍ እመርጣለሁ።

ካርዱ በመጨረሻው ቀን፣ ኬክ ሲቆረስ፣ በሰው ፊት ይከፈታል፤ ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ጊዜም አለ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቪዛ ጣጣ ወይም ስለ ቤተሰብ ጉዳይ የሚባል ካለ ለብቻ በሚላክ መልእክት ይሁን።