በባቡር ወደ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል

ከሳሪስ ተነስታ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ቀጠሮ ያላት አንዲት እናት የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሳፈር ነው እንበል። ከቃሊቲ የሚመጣው ሰማያዊ ባቡር ጦር ኃይሎች አይደርስም፤ እዚያ የሚሄደው ከአያት የሚነሳው አረንጓዴው ነው።

ሁለቱ ባቡሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይጓዛሉ። ስለዚህ ሜክሲኮ ወርዳ ባቡሩ በሄደበት አቅጣጫ የሚመጣውን አረንጓዴ ትጠብቃለች። ልደታ የመጨረሻው መቀየሪያ ስለሆነ እዚያ ድረስ ባትዘገይ ይሻላል፤ ከልደታ በኋላ ሰማያዊው ወደ መርካቶ ይታጠፋል። አውቶቡስ ተራ የሚል ጣቢያ ካየች መቀየሪያው አልፏታል፤ ወርዳ በተቃራኒው ባቡር ወደ ልደታ ትመለስ። ቀጠሮ ያላችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት የባቡሩን ቀለም እዩ፤ መድረሻውንም ጠይቁ።