ቦነስ ያለው «አዲሱ ቨርዥን»

ጎግል ፕሌይ በእውነተኛ ገንዘብ የሚያወራርዱ መተግበሪያዎችን የሚቀበለው በተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ሕጋዊ አወራራጆች እንኳ ኤፒኬ የሚባለውን ፋይል ከራሳቸው ድረ ገጽ ያስወርዳሉ፤ ደንበኛውም ከውጭ የመጣ ፋይል መጫን ይለምዳል። አጭበርባሪው የሚጠብቀው ይህንኑ ልማድ ነው።

አንድ ወጣት በቴሌግራም «ቦነስ ያለው አዲሱ ቨርዥን» የተባለ ፋይል ደረሰው እንበል። አርማውም ቀለሙም ያው ነው። ሲከፍተው ግን የጽሑፍ መልእክት ለማንበብ፣ ቀጥሎም «Accessibility» ለተባለው አገልግሎት ፈቃድ ይጠይቀዋል። አገልግሎቱ የተሠራው ማየት ለተሳናቸው ስክሪኑን እንዲያነብላቸው ነው። በክፉ እጅ ሲወድቅ ግን በሌሎች መተግበሪያዎች ላይ የተጻፈውን ያያል፣ በባለቤቱ ምትክም ቁልፍ ይጫናል። ወጣቱ የባንክ መተግበሪያውን ሲከፍት ሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ ይደረብበታል፤ የሚላክለት የማረጋገጫ ቁጥርም ከመልእክቱ ይነበባል። የኳስ ውጤት ለመገመት መልእክቴን ማንበብ ለምን አስፈለገ?

አንድሮይድ 13 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት ከውጭ ለተጫነ መተግበሪያ ይህን ፈቃድ በቀላሉ አይሰጡም፤ «Restricted setting» ብለው ያግዳሉ። እገዳውን ማለፊያ ቪዲዮ ከፋይሉ ጋር ከተላከ ነገሩ ታውቋል። አላጠፋም ካለ ስልኩን በሴፍ ሞድ አስነስቶ ማጥፋት ይሞከራል፤ የባንኩ የሚስጥር ቁጥር ግን ከሌላ ስልክ ይቀየር።