ዶላሩ አንድ፣ ብሩ ሁለት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ጀንበር 74 ብር ገባ። አንድ ቡና ላኪ ሐምሌ 10 በ100,000 ዶላር ሸጦ ክፍያው ሐምሌ 22 ደረሰው እንበል። የሽያጭ ክፍሉ የሐምሌ ገቢን በሽያጩ ቀን ምንዛሪ 5.7 ሚሊዮን ብር ይላል፤ ፋይናንስ ክፍሉ ክፍያው በገባበት ቀን አስልቶ 7.4 ሚሊዮን ያደርሰዋል።

ትክክሉ የመጀመሪያው ነው። ዓለም አቀፉ የሂሳብ መስፈርት፣ አይ.ኤ.ኤስ. 21፣ ገቢ ግብይቱ በተፈጸመበት ቀን ምንዛሪ እንዲመዘገብ ያዛል። 1.7 ሚሊዮኑ ለብቻው የሚመዘገብ የምንዛሪ ትርፍ ነው፤ ከሽያጭ ጋር ሲደመር ግን ያልተሸጠ ቡና የተሸጠ ያስመስላል።

ሪፖርቶች ሲለያዩብዎ የብሩን ድምር ለዶላሩ ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ቁጥር የየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሆነ ከባንኩ ዕለታዊ ዝርዝር ላይ ይፈልጉ።