ዳቦው ሲጠበስ ከውስጡ ምን ወጣ?

አክስቴ ስኳር ከተገኘባቸው ወዲህ ቁርሳቸው ያው ዳቦና ሻይ ነው። የተለወጠ ነገር ቢኖር ዳቦው ምጣድ ላይ ጠብሰውት መብላታቸው ብቻ ነው። የተጠበሰ ዳቦ ቀለል እንደሚልና እርጥበቱ ሲወጣ ጉዳቱም አብሮ እንደሚወጣ ያምናሉ። ልጃቸው ደግሞ ስልኳ ላይ ባለ የምግብ ሰንጠረዥ ነጭ ዳቦ በ100 ግራም 265 ያህል ኪሎ ካሎሪ እንዳለው፣ ሲጠበስ ግን 290 ያህል እንደሚደርስ አይታለች። “እማዬ፣ ስትጠብሺው እኮ ካሎሪው ይጨምራል” ትላለች። እናት ቀነሰ ይላሉ፣ ልጅ ጨመረ ትላለች፤ የሚነጋገሩት ግን ስለ አንድ ቁራጭ ዳቦ ነው።

ቤታቸው የወጥ ቤት ሚዛን ስለነበር ነገሩን እዚያው መዘንነው። ምጣድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቁራጩ 60 ግራም ነበር። ሁለቱም ወገኑ ወርቃማ እስኪሆን ተጠብሶ ሲወርድ 55 ግራም ሆነ። ያልተጠበሰውን በሰንጠረዡ ስናሰላ 60 ግራም ዳቦ 159 ኪሎ ካሎሪ ነው። የተጠበሰውን 55 ግራም በተጠበሰ ዳቦ ቁጥር ስናሰላም እንደገና 159 ገደማ ይመጣል። አክስቴ የበሉት ያንኑ ቁራጭ ነው፤ ያገኙትም ያንኑ ያህል ኃይል ነው። ስኳራቸውን ከፍ የሚያደርገው ካርቦሃይድሬትም ቢሆን ከቁራጩ ውስጥ ንቅንቅ አላለም።

የጠፋው 5 ግራም ውሃ ነው። ነጭ ዳቦ ሲበላ ለስላሳ ይሁን እንጂ ከክብደቱ ከሢሶ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ሰውነታችን ኃይል የሚያገኘው ከካርቦሃይድሬት፣ ከፕሮቲንና ከስብ ነው። የምግብ ሰንጠረዦች ዛሬም የሚሠሩበትን ስሌት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ መሠረት ያስያዘው አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር ነው። በዚያ ስሌት አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይታሰብለታል። ለውሃ የሚታሰብለት የለም። ስለዚህ ውሃው ተንኖ ሲሄድ ክብደት ይዞ ይሄዳል እንጂ ካሎሪ ይዞ አይሄድም። የቀረው ዳቦ አነሰ፤ በውስጡ ያለው ኃይል ግን እንዳለ ስለሆነ በየግራሙ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ግራም የሚደርሰው በዛ። 265 ወደ 290 ያደገው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አክስቴ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ፦ “ታዲያ እሳቱስ? ካሎሪ ሙቀት ነው ከተባለ፣ ያ ሁሉ ሙቀት ዳቦው ውስጥ አይገባም?” ካሎሪ የሙቀት መለኪያ መሆኑ እውነት ነው፤ አንድ ኪሎ ካሎሪ አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። ምጣዱ የሰጠው ሙቀት ግን ውሃውን ለማትነን ነው የዋለው። የፈላን አንድ ግራም ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግማሽ ኪሎ ካሎሪ አለፍ ያለ ሙቀት ይፈጃል፤ ያም ሙቀት ከእንፋሎቱ ጋር አየር ላይ ይወጣል። ዳቦው ውስጥ የቀረው ጥቂት ሙቀት ደግሞ ሻዩ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይበርዳል። ሰውነት የሚጠቀምበት ኃይል በስታርቹና በፕሮቲኑ ውስጥ የታሰረው ነው፤ እሱን የሠራው እርሻ ላይ ስንዴው ያገኘው ፀሐይ እንጂ የምጣዱ እሳት አይደለም።

ነገሩ ከሊጥ ጀምሮ ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። ለድፎ ዳቦ አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 650 ግራም ውሃ፣ 15 ግራም ጨውና 10 ግራም እርሾ አቦካን እንበል። ሊጡ 1,675 ግራም ይመዝናል። ዱቄቱ 3,640 ያህል ኪሎ ካሎሪ አለው፤ የእርሾው ጥቂት ስለሆነ እንተወው። ስለዚህ 100 ግራም ሊጥ 217 ኪሎ ካሎሪ ይዟል። ድፎው በኮባ ተሸፍኖ ተጋግሮ፣ ወጥቶና በርዶ ሲመዘን 1,475 ግራም ሆነ። 200 ግራም ውሃ በእንፋሎት ሄዷል፤ የ100 ግራሙ ቁጥርም 247 ደረሰ። በሁለተኛው ቀን ሳይሸፈን ውሎ ወደ 1,400 ግራም ቢወርድ ቁጥሩ 260 ይሆናል። ከሊጡ እስከ ደረቀው ዳቦ ድረስ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ አደገ፤ ከዱቄቱ የመጣው 3,640 ግን ከፍ አላለም። እንዲያውም በጥቂቱ ይወርዳል፤ እርሾው ሊጡን ለማኩፋት ከስኳሩ ስለሚበላ የእሱ ድርሻ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ይህ ከድምሩ አንጻር ትንሽ ነው።

ድፎ የቆረሰ ሰው ልብ ይለው ይሆናል፤ ቅርፊቱና መሐሉ አንድ ዓይነት ምግብ አይመስሉም። መሐሉ ውሃ እስካለው ድረስ ሙቀቱ ከመቶ ዲግሪ አያልፍም፤ እርጥብና ነጭ እንደሆነ ይበስላል። ዳሩ ግን ውሃውን ቶሎ ስለሚጨርስ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ይወጣል፣ ይጠቁራል፣ ያ ደስ የሚል ሽታም የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ አንዱ ልጅ 100 ግራም ቅርፊት፣ ሌላው 100 ግራም መሐል ቢደርሳቸው ቅርፊት የደረሰው ብዙ ኃይል በልቷል። ቅርፊቱ ውስጥ የተጨመረ ነገር የለም፤ ያንን ክብደት ለመሙላት ብዙ ዱቄት የገባው እሱ ውስጥ ስለሆነ ነው።

በስሌት የሚሳሳቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በአንድ ቦታ ነው፦ በአንዱ ሁኔታ መዝነው በሌላው ሁኔታ ቁጥር ያበዛሉ። የአክስቴ ልጅ ያልተጠበሰውን 60 ግራም ይዛ በተጠበሰ ዳቦ ቁጥር ብታበዛው 174 ይመጣባታል፤ የሌለ 15 ኪሎ ካሎሪ እናቷ ላይ ጫነች ማለት ነው። የተጠበሰውን 55 ግራም በተራ ዳቦ ቁጥር የሚያሰላ ሰው ደግሞ 146 አግኝቶ የበላውን ያሳንሳል። በአንድ ቁራጭ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ውሃ በብዛት በሚያጣ ምግብ ላይ ግን ትልቅ ይሆናል። ቆዳና አጥንት የሌለው የዶሮ ደረት ጥሬው በ100 ግራም 120፣ በምድጃ የተጠበሰው 165 ያህል ኪሎ ካሎሪ ነው። 500 ግራም ጥሬ ሥጋ 600 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ተጠብሶ 365 ግራም ሲሆንም ድምሩ እዚያው 600 አካባቢ ይገኛል። ጥሬውን 500 በ165 ያበዛ ሰው ግን 825 ይጽፋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለሚጋገር ነገር የሚሻለው የገቡትን ነገሮች ካሎሪ አንድ ጊዜ ደምሮ፣ የበሰለውን ሲበርድ መዝኖ፣ ድምሩን ለዚያ ክብደት ማካፈል ነው። ድስት ላይ ያለ ከሆነ የባዶውን ድስት ክብደት አስቀድሞ ጽፎ መያዝና መቀነስ ያስፈልጋል።

“ድምሩ አይለወጥም” የሚለው አባባል የሚሠራው የወጣው ውሃ ብቻ ሲሆን ነው። የዶሮ ደረት ስቡ ጥቂት ስለሆነ በደንብ ይታዘዛል። የሰባ የበግ ሥጋ እሳት ላይ ሲሆን ግን ከውሃው ጋር ስቡም ይንጠባጠባል፤ ስቡ ካልተበላ ድምሩ በእርግጥ ቀንሷል። ይህን ለማየት ከሥጋው የወረደውን ማቀዝቀዝ ይበቃል፤ ላይ ላዩን ነጭ ሆኖ የሚረጋው ስብ ነው፣ እያንዳንዱም ግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ይዞ ወጥቷል። ዳቦው ምጣድ ላይ ቅቤ ከተቀባ ደግሞ በተቃራኒው ይጨምራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወደ 100 ኪሎ ካሎሪ ስለሚጠጋ፣ በጥብሱ ጊዜ ስለ ወጣው 5 ግራም ውሃ ከመከራከር ስለ ማንኪያዋ መነጋገር ይበልጥ ይጠቅማል።

ለልጃቸው ግን ፍርዴን አላጓደልኩባትም፤ የ100 ግራሙ ቁጥር ትርጉም የሚያገኝበት ቦታ አለ። 50 ግራም ደረቅ ሽምብራ ተቀቅሎ ንፍሮ ሲሆን ውሃ ጠጥቶ 113 ግራም ገደማ ይሆናል። ያው 50 ግራም ተቆልቶ ቆሎ ሲሆን እርጥበቱን ጥሎ ወደ 46 ግራም ይወርዳል። ሁለቱም 185 ያህል ኪሎ ካሎሪ ናቸው። ንፍሮው ግን ሳህን ይሞላል፣ ሲታኘክም ጊዜ ይወስዳል፣ ሆድም ይይዛል። ቆሎው ቡና እስኪፈላ በጨዋታ መሐል ያልቃል፤ እጅም ሳይታወቅ ለሌላ እፍኝ ይመለሳል። የሰው ሆድ ካሎሪ አይቆጥርም፤ የሚሰማው ብዛትንና ክብደትን ነው። ስለዚህ የደረቀ ምግብ በራሱ አላደለበም፣ ነገር ግን ተመሳሳይ ብዛት የበላን እየመሰለን እጥፉን እንድንበላ መንገድ ይከፍታል። አክስቴ ተጠብሶ ቀለለ ብለው ሁለተኛ ቁራጭ ሲጨምሩ የሆነው ይኸው ነበር።

አሁን ልጃቸው ዳቦውን የምትመዝነው ከመጠበሱ በፊት ነው፤ ቁጥሩንም ከተራው ዳቦ መስመር ላይ ታነብባለች። አክስቴም ጣዕሙን ስለሚወዱት መጥበሳቸውን አልተዉም። ሳህናቸው ላይ ግን አንድ ቁራጭ ብቻ ያስቀምጣሉ፣ የቀረውንም ከፌስታሉ ጋር ወደ ጓዳ ይመልሱታል።