በቀን አንድ ጽሑፍ፦ የተጠራቀመ ንባብ በኢሜይል ሲላክ

በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ በተመሠረተው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና የሚማር ሰው ስለ አባያ ደለል ወይም ስለ ጫሞ ዓሣ የተጻፈ ነገር ባገኘ ቁጥር ሊንኩን ለኋላ ያስቀምጣል እንበል። ማስቀመጥ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል፤ ማንበብ ግን ግማሽ ሰዓት። ስለዚህ ዝርዝሩ 200 ይደርሳል። ያን ጊዜ ዝርዝሩን መክፈት ራሱ ከ200 አንዱን መምረጥን ስለሚጠይቅ፣ አብዛኛው ሰው ሳይመርጥ ይዘጋዋል። በየቀኑ አንድ ጽሑፍ በኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም ይህን የመምረጥ ሥራ ከአንባቢው ይወስዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በጉግል ሺትስ ላይ አራት ዓምዶች ይዘጋጃሉ፦ ርዕስ፣ ሊንክ፣ የተላከበት ቀን እና የተነበበበት ቀን። አፕስ ስክሪፕት የሚባለው የጉግል አገልግሎት የሚጻፍለትን ትንሽ ፕሮግራም በራሱ ሰርቨር ላይ ስለሚያሠራው፣ አርባ ምንጭ መብራት ቢጠፋም መልእክቱ ይላካል። ዋናው ክፍል ይህ ነው፦

```
MailApp.sendEmail(adres, row[0], row[1]);
sheet.getRange(n, 3).setValue(new Date());
```

የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። መጀመሪያ ተልኮ ቀኑ ሳይመዘገብ ፕሮግራሙ ቢቋረጥ፣ ያው ጽሑፍ ሌላ ቀን ድጋሚ ይመጣና ስሕተቱ ይታያል። ቀኑ ቀድሞ ተመዝግቦ መላኩ ቢከሽፍ ግን ጽሑፉ ማንም ሳያውቅ ይጠፋል።

ሰዓቱ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንዲላክ የሚፈልግ ሰው `atHour(6)` ብሎ መጻፍ አለበት፤ 12 ካለ መልእክቱ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ይደርሰዋል። የፕሮጀክቱ የሰዓት ክልልም `Africa/Addis_Ababa` መሆን አለበት።

ከሁሉም የሚከብደው የትኛው ጽሑፍ ይላክ የሚለው ነው። ተማሪው በቀን ሁለት እያስቀመጠ አንድ ቢላክለት፣ ከ100 ቀን በኋላ 200ው 300 ይሆናል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ ከተባለ፣ ዛሬ የተቀመጠው ጽሑፍ ተራው የሚደርሰው ከ200 ቀን በኋላ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ እስከዚያ አልቆ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ይቅደም ከተባለ ደግሞ የቆዩት 200ዎቹ መቼም አይወጡም። በዕጣ ማውጣት ለአሮጌውም ለአዲሱም እኩል ዕድል ይሰጣል፤ ለእንዲህ ያለው አንባቢ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። የተቀመጠበትን ቀን የሚይዝ አምስተኛ ዓምድ እና ከዓመት በላይ የቆየው ሳይላክ ይሰረዝ የሚል ደንብ ቢጨመርበት ዝርዝሩ ያለ ገደብ ማደጉን ያቆማል።

መላክ ግን ማንበብ አይደለም። ሦስተኛው ዓምድ በየቀኑ እየሞላ አራተኛው ባዶ ከሆነ፣ ክምሩ ከሺትስ ወደ ኢሜይል ሳጥን ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። መፍትሔው ፕሮግራሙ ከመላኩ በፊት አራተኛውን ዓምድ እንዲያይ ማድረግ ነው፦ መጨረሻ የተላከው ጽሑፍ የተነበበበት ቀን በእጅ ካልተሞላ አዲስ አይልክም። ያን ጊዜ በሦስተኛው ዓምድ ቀናት መካከል የሚታየው ክፍተት የአንባቢውን እውነተኛ ፍጥነት ያሳያል፤ በሳምንት ሦስት ከሆነ፣ በሳምንት ሊያስቀምጥ የሚገባውም ከሦስት አይበልጥም።