ከሙሉ ቁጥር ተበድሮ መቀነስ፦ ባለ ሁለት ደረጃ የድብልቅ ቁጥር ጥያቄ

አንድ እናት እንጀራ ለመጋገር 2 3/4 ኪሎ ግራም የጤፍ ዱቄትና 1 2/3 ኪሎ ግራም የማሽላ ዱቄት ቀላቀሉ። ከቅልቅሉ 2 1/2 ኪሎ ግራም ወስደው አቦኩ። ስንት ኪሎ ግራም ቅልቅል ዱቄት ቀረ?

በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የመልመጃ ወረቀት ላይ እንዲህ ያለው ጥያቄ ባለ ሁለት ደረጃ ይባላል፤ መልሱ በአንድ ስሌት አይገኝምና። የቀረው እንዲታወቅ መጀመሪያ በጠቅላላ ምን ያህል እንደነበረ መታወቅ አለበት፤ ጥያቄው ግን ይህን በቀጥታ አይጠይቅም። ተማሪው ራሱ ሊደርስበት ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱ ዱቄቶች ይደመራሉ፤ ከዚያ የቦካው ይቀነሳል።

ሙሉ ቁጥርና ክፍልፋይ አንድ ላይ ሲጻፉ ድብልቅ ቁጥር ይባላሉ። 2 3/4 ሲነበብ ሁለት ከሦስት አራተኛ ነው፤ ትርጉሙም 2 ሲደመር 3/4 ነው። አራተኛ፣ ሦስተኛና ግማሽ መጠናቸው የተለያየ ስለሆነ እንዳሉ መደመርም ሆነ መቀነስ አይቻልም። በቅድሚያ ሁሉም ወደ አንድ ታህት ይለወጣሉ። የ4፣ የ3 እና የ2 ትንሹ የጋራ ብዜት 12 ነው። ሦስቱንም ከመነሻው ወደ 12 መለወጥ ይሻላል፤ በሁለተኛው ደረጃ እንደገና ታህት ከመፈለግ ያድናል።

3/4 = 9/12
2/3 = 8/12
1/2 = 6/12

ላዕሉና ታህቱ የተባዙት በአንድ ዓይነት ቁጥር ስለሆነ የክፍልፋዩ ዋጋ አልተለወጠም። 3/4ን ወደ 9/12 ለመለወጥ ሁለቱም በ3፣ 2/3ን ወደ 8/12 ለመለወጥ በ4፣ 1/2ን ወደ 6/12 ለመለወጥ ደግሞ በ6 ተባዝተዋል።

አንደኛ ደረጃ፣ መደመር፦

2 9/12 + 1 8/12 = 3 17/12

ሙሉ ቁጥሮቹ ለብቻ ተደምረው 3፣ ላዕሎቹ ለብቻ ተደምረው 17 ሆኑ። ታህቱ አይደመርም፤ የአንዱ ቁራጭ መጠን ስንት እንደሆነ የሚናገር እንጂ የቁራጮቹ ብዛት አይደለም። ከ17 አሥራ ሁለተኛዎች ውስጥ 12ቱ አንድ ሙሉ ስለሚሆኑ ቅልቅሉ በጠቅላላ 4 5/12 ኪሎ ግራም ነው። እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ መስሏቸው የሚያቆሙ ተማሪዎች አሉ፤ ጥያቄው ግን የሚፈልገው የቀረውን ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፣ መቀነስ፦

4 5/12 − 2 6/12

ከ5 ላይ 6 አይቀነስም። የጥያቄው ከባድ ቦታም ይህ ነው። መፍትሔው ከ4 ሙሉ አንዱን ተበድሮ ወደ አሥራ ሁለተኛዎች መዘርዘር ነው። አንድ ሙሉ 12/12 ስለሆነ 5/12 ላይ ሲደመር 17/12 ይሆናል፤ ሙሉ ቁጥሩም 3 ይቀራል።

4 5/12 = 3 17/12
3 17/12 − 2 6/12 = 1 11/12

የቀረው ቅልቅል ዱቄት 1 11/12 ኪሎ ግራም ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ 5ን ከ6 ላይ ገልብጦ መቀነስ ነው፤ መልሱ 2 1/12 ይሆናል። ሌላኛው ይበልጥ ስውር ነው። ተማሪው በሙሉ ቁጥሮች ቅነሳ አንድ ሲበደር 10 ማግኘትን ለምዷል፤ ስለዚህ 5ን ወደ 15 ይለውጥና 3 15/12 ብሎ ይጽፋል፤ መልሱም 1 9/12 ይወጣል። በሙሉ ቁጥሮች 10 የሚመጣው አንድ አሥር የሚዘረዘረው ወደ አሥር አንዶች ስለሆነ ነው። በክፍልፋይ ግን አንድ ሙሉ የሚዘረዘረው ታህቱ በሚለው ቁጥር ልክ ነው፤ ታህቱ 12 ከሆነ 12፣ ታህቱ 8 ከሆነ 8 ይመጣል።

በግምት ብቻ እነዚህን ስሕተቶች መያዝ ያስቸግራል፤ ሦስቱም መልሶች ወደ 2 የተጠጉ ናቸው። የሚያጋልጣቸው የተቀነሰውን መልሶ መደመር ነው።

1 11/12 + 2 6/12 = 3 17/12 = 4 5/12

ይህ ከመነሻው ጋር ይገጥማል። 2 1/12 ላይ 2 6/12 ሲደመር ግን 4 7/12፣ 1 9/12 ላይ ሲደመር ደግሞ 4 3/12 ይመጣል፤ ሁለቱም አይገጥሙም።

መበደር የሚያደናግረው ተማሪ ድብልቅ ቁጥሮቹን ከመነሻው ላዕላቸው ከታህታቸው ወደሚበልጥ ክፍልፋይ ሊለውጣቸው ይችላል። ሙሉው በታህቱ ይባዛል፤ ላዕሉ ይደመርበታል። 2 9/12 ማለት 2 × 12 + 9፣ ማለትም 33/12 ነው። በዚሁ መንገድ 1 8/12 ወደ 20/12፣ 2 6/12 ወደ 30/12 ይለወጣል።

33/12 + 20/12 − 30/12 = 23/12 = 1 11/12

መንገዱ ከመበደር ያሳርፋል፤ ሙሉ ቁጥሮቹ እንደዚህ ትንንሽ ሲሆኑም ፈጣን ነው። እንደ 48 5/12 ያለ ቁጥር ሲመጣ ግን 581/12ን ይዞ መሥራት ስለሚያደክም መበደሩ ይመረጣል።